ሁለት ደምሩ፣ ሌሊቱን ቀን አድርጉ

ከአጠገባችሁ የሚሠራን ሰው ማመስገን ቀላል ነው። ሲደክም ታዩታላችሁ፤ ሲያዛጋ፣ ወገቡን ሲይዝ፣ የቀዳውን ቡና ረስቶ ሲያቀዘቅዝ ታዩታላችሁ። ዓመቱ ሲያልቅ «አንተ ሰው፣ ዘንድሮስ ደከምክ» ብትሉት እሱም አይገረምም፣ እናንተም አትዋሹም። ስምንት ሰዓት ርቆ የሚሠራውን ግን የምታውቁት በጨረሰው ሥራ ብቻ ነው። የተጨረሰ ሥራ ደግሞ አያዛጋም።

እኛ ቢሮ አምስት ነን። አራታችን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በአንድ ፀጉር ቤትና በአንድ የጥርስ ሐኪም መካከል በተሸጎጠች ክፍል እንቀመጣለን፤ አምስተኛዋ አዲስ አበባ ናት። ሥራችን ሂሳብ ነው፤ የምግብ ቤት፣ የታክሲ፣ የጽዳት ድርጅት፣ በርበሬና እንጀራ የሚሸጥ መደብር ሂሳብ። ደንበኞቻችን የወሩን ደረሰኝ በፌስታል ያመጣሉ። አንዳንዱ ደረሰኝ የዘይት ጠብታ አለበት፤ አንዳንዱ በጀርባው የሰው ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። እኛ ስካን እናደርግና በራችንን ቆልፈን እንሄዳለን። ጠዋት ስንመለስ ደረሰኙ ሁሉ በየመደቡ ገብቶ፣ ሂሳቡ ከባንክ መግለጫው ጋር ታርቆ፣ ከሥር «የጁላይ የመብራት ክፍያ ሁለት ጊዜ ገብቷል፣ ይጣራ» የሚል ማስታወሻ ተጽፎ ይጠብቀናል። የዚች ልጅ ሥራ እንደ ቧንቧ ውሃ ነው፤ ሰው የሚያስታውሰው የተቋረጠ ዕለት ነው።

የቢሮው ባለቤት ጋሼ መልካም ሰው ናቸው። ክፋታቸው አንድ ብቻ ነው፤ ሲያመሰግኑ ይቸኩላሉ። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ድንገት «ልጄን ረሳናት!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ስልካቸውን አወጡና አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ኬክ ቤት በዘመድ በኩል አስደውለው፣ ባለ ሁለት ፎቅ የክሬም ኬክ በስሟ አዘዙ። በላዩ ላይ «መልካም ገና» ይጻፍበት ተባለ። ኬኩ ዲሴምበር 23 ቀን ቤቷ ድረስ ደረሰ።

ዲሴምበር 23 ማለት ታኅሣሥ 14 ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይጾማል፤ ልጅቱም ትጾማለች። ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የተባበሩበት ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ ጠረጴዛዋ ላይ ተጎልቶ ገና የሚባለው በዓል 15 ቀን ቀርቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ የጾም ኬክ የማይሠራ ኬክ ቤት ብርቅ ነው፤ አንዲት ቃል ብትጨመር ኖሮ ይሠሩላት ነበር። ያችን ቃል ግን ከአሌክሳንድሪያ ሆኖ ማስታወስ ቀላል አይደለም፤ ሱቁ ሁሉ በፈረንጅ ገና መብራት አብዶ ማን ኅዳር 15ን ያስባል? እሷ ጨዋ ስለሆነች ፎቶ አንሥታ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ያምራል» ብላ ላከች። ኬኩን የበሉት የግቢው ልጆች ናቸው። ይህንን የሰማነው በኋላ፣ ያውም በቀልድ መካከል ነው።

የኬኩ ነገር በዚህ አላበቃም፤ የቢሮው ግብዣ መጣ። ግብዣውን የሚያዘጋጁት እትዬ ናቸው። የፊት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ስልክ ያነሣሉ፣ ደንበኛ ይቆጣሉ፣ በዓል ያከብራሉ። ግብዣው ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ማለትም ፈረንጆቹ 3 ፒኤም በሚሉት ሰዓት ሆነ። «እሷም ከመካከላችን መኖር አለባት» ተብሎ አንድ ላፕቶፕ ፍሪጁ ላይ ተቀመጠ፤ ልጅቱ ከፍሪጅ ላይ ቁልቁል ታየን ጀመር። አዲስ አበባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል። እናቷና ታናሽ ወንድሟ ተኝተዋል፤ ስለዚህ ድምፅዋን ዘግታ በእጇ ሰላም ትለናለች። እኛ ደግሞ ከሥሯ ዶሮ ወጥ እንበላለን። በየተራ ሳህናችንን ይዘን ወደ ፍሪጁ እየቀረብን «በርቺ! ጎበዝ!» እንላታለን። ሰላሳ ደቂቃ ያህል እንደዚህ ስንጮህባት ቆይተን አንዱ የፍሪጁን በር ከፈተና ላፕቶፑ ዞረ። ከዚያ በኋላ ያየችው ግድግዳ ነው። ማንም ልብ አላለም።

ስለ ስጦታው በአጭሩ ልለፈው። የቢሮው ስም የታተመበት ወፍራም ሹራብ ተገዛላት። በፖስታ እንላክ ሲባል፣ ዕቃው ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ከደረሰ በኋላ እሷ ራሷ ሄዳ፣ ተሰልፋ፣ ቀረጥ ቢጠየቅም ከፍላ ልታወጣው እንደምትችል ተነገረ። ስጦታ ተቀባዩ ወረፋ ጠባቂና ሂሳብ ከፋይ የሚሆንበት ነገር ነው። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ተፈለገና ተገኘ። ነገር ግን መንገደኛ ማለት ሁለት ሻንጣ፣ በየሻንጣው 23 ኪሎ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ኪሎም ባለቤት አለው። ሴትዮዋ ሹራቡን በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉና «ምነው ቀለል ያለ ነገር ቢሆን?» አሉ። ሹራቡ እስከ ዛሬ እትዬ ወንበር ላይ አለ፤ ማሞቂያው ሲበላሽ ተራ በተራ እንለብሰዋለን።

እዚህ ላይ ነው ወጣቱ ባልደረባችን ቁም ነገር ያመጣው። «ምን እንደሠራች ሳናውቅ እኮ ነው የምናመሰግናት» አለ። እውነቱን ነው። የሂሳብ ሶፍትዌራችን ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳስገባ ሰከንድ ሳይቀር የሚመዘግብበት ገጽ አለው። ኦዲተር ካልመጣ በቀር የሚከፍተው የለም። ከፈትነውና በእሷ ስም ያለውን ብቻ ለይተን ከጃንዋሪ ጀምሮ ወደ ታች መውረድ ያዝን። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከኋላችን ቆሙ። ገና ከመጀመሪያው ገጽ ደነገጡ።

«3 ኤኤም! 2 ሰዓት ከ40! 4 ኤኤም! ይች ልጅ አትተኛም እንዴ? ልጅቷን ገደልናት እኮ!»

እትዬ ደረታቸውን ያዙ። ወዲያው የምስጋና ካርድ ወጣ፤ «ስለ እኛ እንቅልፍ አጥተሽ ለምታድሪው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊጻፍበት እስክሪብቶ ተነሣ።

ሶፍትዌሩ ሰዓቱን የሚመዘግበው በቨርጂኒያ አቆጣጠር ነው። ከኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛው እሑድ አዲስ አበባ ከኛ በስምንት ሰዓት ትቀድማለች። ሀበሻ ሆኖ ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ይህን ስሌት ወደ ሁለት የሚያሳጥር ዘዴ አለ፤ የግድግዳውን የፈረንጅ ሰዓት አይቶ ሁለት መደመር፣ ሌሊቱን ቀን ቀኑን ሌሊት ማድረግ። የኛ ሌሊት 3 የአዲስ አበባ ረፋድ 5 ሰዓት ነው። ልጅቱ 3 ኤኤም ላይ ደረሰኝ ስታስገባ ቁርሷን በልታ፣ ሁለተኛውን ቡና ጠጥታ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብቶባት ነው። እንቅልፏን ጠግባለች። ዘዴው ጠዋትና ማታ ጠርዝ ላይ ያሳስታል፤ ለምሳሌ የኛ ጠዋት 9 የእነሱ 11 ሰዓት ነው፣ ያ ግን ገና ቀን እንጂ ሌሊት አይደለም። በማርች እኛ ሰዓታችንን ስናዞር ደግሞ የሚደመረው አንድ ብቻ ይሆናል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀኗ በክረምትም በበጋም ብዙ አይረዝምም፣ ብዙም አያጥርም፤ ሰዓት የምታዞርበት ምክንያት የላትም። የኛ መዞር ግን እሷንም ያዞራታል፤ በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ የሰኞ ስብሰባችን ከ10 ሰዓት ወደ 11 ሰዓት ይገፋባታል፣ እኛ ደግሞ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ተኝተን ደስ ብሎን እንመጣለን። (ቦነስ አይረስ ቢሮ ቢኖረን ኖሮ ምንም አይደመርም ነበር። እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ከሀበሻ ሰዓት ጋር ቁጥሩ አንድ ነው፤ ብቻ እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስንል እነሱ ከሌሊቱ 3 ላይ ያንኮራፋሉ።)

ስለዚህ ጋሼን ያስደነገጠው ሌሊት ሌሊት አልነበረም። ታዲያ እውነተኛውን ሌሊት የት እናግኘው? መዝገቡን ሁለት እየደመርን እንደገና ወረድንበት። ጃንዋሪ 31 ላይ ቆምን። ያ ቀን ለሂሳብ ሰው ቀልድ አይደለም፤ ደንበኞቻችን በዓመቱ ውስጥ በኮንትራት ላሠሯቸው ሰዎች የከፈሉትን የሚገልጸው 1099 የተባለው ቅጽ ለመንግሥት የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ነው። የመጨረሻው ቅጽ የተላከው 4 ሰዓት ከ50፣ ፒኤም። ጋሼ ይህችን መስመር ቀድመው አይተዋት አልፈዋታል፤ አራት ሰዓት ከሃምሳ ለእሳቸው ቢሮ ሊዘጋ ሲል የሚገኝ ጤነኛ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ50 ነበር። የዚያን ዕለት የላከችውን መልእክት ፈልገን አገኘነው፤ «መብራት ሄዷል፣ በስልኬ ኢንተርኔት ነው የምሠራው፣ ባትሪው 20 ፐርሰንት ቀርቶታል፣ አራት ቅጽ ይቀረኛል።» ከሥሩ ከእኛ አንዱ አውራ ጣት ልኮላታል። መልሱ በቃ ይኸው ነበር፤ አንድ አውራ ጣት።

እትዬ ካርዱን ወደ መሳቢያ መለሱት። «እያንዳንዳችን አንድ ሥራዋን እንምረጥና እሱን ብቻ እንጻፍላት» ተባለ። እሳቸው ራሳቸው ጃንዋሪ 31ን ወሰዱ። ወጣቱ የኦክቶበርን ነገር ወሰደ፤ ስላፈረበት ይመስለኛል። አንድ ምግብ ቤት ሂሳቡ ከባንኩ ጋር በ180 ዶላር አልገጥም ብሎ ነበር። ወጣቱ ሁለት ቀን ፈልጎ አጣውና ስህተቱ የባንኩ ነው ብሎ ተወው። እሷ በማግስቱ አገኘችው። ዘዴዋ የቆየ የሂሳብ ሠራተኞች ዘዴ ነው፤ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቦታ የተቀያየረ አኃዝ ነው። 86 ብሎ ለመጻፍ 68 ያለ ሰው በ18 ይስታል፣ 18 ደግሞ ሁለት ጊዜ 9 ነው፤ የትኛውም ሁለት ጎረቤት አኃዝ ቢቀያየር ውጤቱ ያው ነው። 180 ሃያ ጊዜ 9 ነው። ስለዚህ ድምሩን ሁሉ እንደገና መደመር ትታ፣ አኃዛቸው ሊገለበጥ የሚችል ክፍያዎችን ብቻ ለየች፤ ለሥጋ አቅራቢው የተከፈለው 1,863 በመዝገባችን 1,683 ሆኖ ተገኘ።

ይህንን ሁሉ እሷ ታውቃለች፤ ለሠራችው ሰው የሠራችውን መልሶ መንገር ምስጋና አይሆንም። የማታውቀው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ምግብ ቤቱ በዚያው ሳምንት የታረቀውን ሂሳብ ይዞ ብድር ጠይቆ ነበር፤ ተፈቀደለት፤ ባለቤቱ ቢሯችን ድረስ መጥቶ አንድ ትሪ ሳምቡሳ አስቀምጦ «ያን ሂሳብ የሠራውን ሰው እግዜር ይባርከው» ብሎ ሄደ። ሳምቡሳውን በላነው። ምርቃቱንም ለራሳችን ወሰድነው። እሷ ዘንድ የደረሰው የሚቀጥለው ወር ደረሰኝ ብቻ ነው። ሩቅ የሚሠራ ሰው ላይ የሚበረታው ይህ ይመስለኛል፤ ከብቸኝነቱ ይልቅ፣ የጀመረው ታሪክ መጨረሻው ሁልጊዜ ሌላ ቤት ውስጥ መነገሩ። ስለዚህ በደብዳቤው ውስጥ ሳምቡሳው ጭምር እንዲገባ ተደረገ።

መቼ እንላክላት የሚለው አከራከረ። ጋሼ ዲሴምበር 31 ይሁን አሉ። ዲሴምበር 31 አዲስ አበባ ታኅሣሥ 22 ነው፤ ሰው ታክሲ ተሰልፎ ሥራ የሚሄድበት ቀን። ወጣቱ «እሷ እኮ ሦስት የዓመት መጨረሻ አላት» አለ። የቢሯችን ዓመት ዲሴምበር 31 ይዘጋል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ በትርፍ ጊዜዋ የአንድ የአገር ቤት ድርጅት ሂሳብ ስለምትይዝ ሰኔንም ታውቀዋለች፤ የሰው ዓመት ደግሞ በጳጉሜን ያልቃል። ሦስቱንም ጊዜ ሂሳብ ትዘጋለች፣ አንዱንም ጊዜ አልተመሰገነችም። በመጨረሻ እትዬ ቆረጡት፤ የእሷ ገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28፣ ጠዋት 3 ሰዓት። ለጋሼ ይህ ጃንዋሪ 6 ከሌሊቱ 1 ኤኤም ነው፤ ኢሜይሉ በቀጠሮ እንዲሄድ ተደረገ፣ እሳቸው ግን ኮምፒውተሩን ስላላመኑት ነቅተው ጠበቁት። ኬክም ታዘዘ፤ በዚህ ጊዜ ዋዜማው ማታ የሚደርስ፣ ቅቤው በነጋታው ጾሙ ሲፈታ የሚበላ። ቦነሱ ከደሞዟ ጋር ለብቻው ገባ፤ ገንዘብና ደብዳቤ አንድ ላይ ከመጡ ደብዳቤውን የሚያነብ የለም።

የጋሼ ረቂቅ መጨረሻው ላይ «በነገራችን ላይ የዲሴምበር የባንክ መግለጫዎች ተጭነዋል፣ ጊዜ ስታገኚ» የሚል መስመር ነበረው። እትዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። ጋሼ «ምን አለበት?» አሉ። «ምስጋና ሳይሆን ማማለያ ያስመስለዋል» አሏቸው። ተስማሙ። የቀረውን ራሳቸው በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉት፤

«ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። በኦክቶበር የምግብ ቤቱ ሂሳብ በ180 ዶላር አልገጥም ሲል፣ 1,863 የነበረው በእኛ መዝገብ 1,638 ተብሎ መግባቱን ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ሰውየው በዚያ ሂሳብ ብድር አግኝቶ ኩሽናውን አሰፋ። መጥቶ መርቆሻል፤ ምርቃቱ ዘግይቶ ደረሰሽ። ሳምቡሳም አምጥቶ ነበር፣ እሱ አልቋል። ጃንዋሪ 31 ሌሊት መብራት ጠፍቶብሽ አራቱን ቅጽ በስልክ መጨረስሽን ያን ጊዜ አላስተዋልነውም፤ ዛሬ አስተውለነዋል። የሰኞውን ስብሰባ ከእንግዲህ ሰዓት ባዞርን ቁጥር እኛው እናስተካክለዋለን፤ ላንቺ ሁልጊዜ 10 ሰዓት ይሆናል፣ እኛ በክረምት አንድ ሰዓት ቀድመን እንመጣለን። እስከ ታኅሣሥ 30 ምንም ሥራ የለብሽም። ለዚህ ደብዳቤ መልስ አያስፈልግም። መልካም ገና።»

መልስ አያስፈልግም የተባለው ለእሷ ዕረፍት ነበር፤ እሷ ግን በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ መለሰች። ጋሼ ፒጃማቸውን እንደለበሱ አነበቡት፤ ጠዋት ደግሞ ለእኛ ጮክ ብለው አነበቡልን።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለእማዬ አነበብኩላት፣ ሳምቡሳው ጋ ስደርስ ሳቀች። ሰውየው ብድሩን በማግኘቱ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ያ ሂሳብ ምን እንደሆነ ሁልጊዜ አስብ ነበር። አንዲት ነገር ብቻ፤ በደብዳቤው ላይ 1,638 ተብሏል። 1,638 ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 225 ይመጣ ነበር። 1,683 ነው። ለነገሩ 225ም ለ9 ይካፈላል።»

ጋሼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ወጣቱ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሄደ።

«ለዚች ልጅ ደሞዝ ይጨመርላት» አሉ ጋሼ፤ «ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ!»

እትዬ ቀና ብለው በመነጽራቸው ላይ አዩአቸው። «ከየትኛው?»